ወተት ቢሉ፣ ደወል ቢሉ

እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት አልተማርሁትም። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ተሰለቻችተን ተለያየን። የተማርሁት ባሕር ዳር ወደብ ላይ ነው፣ የፈረንጅ ሻንጣ ተሸክሜ። «ሄሎ ማይ ፍሬንድ፣ ጉድ ቦት፣ ሂፖ ኖ ፕሮብሌም» ማለት ከቻልህ ጣና ላይ እንጀራ አለ። ስሜ ኪዲ ነው፣ የጀልባ ረዳት ነኝ። ገመድ እጥላለሁ፣ ሞተር አስነሳለሁ፣ ጀልባው ውስጥ የገባ ውኃ እጨልፋለሁ። ደሴቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ካናቴራዬን አራግፌ አስጎብኚ እሆናለሁ።

ደሴቱ ላይ አንዲት ትንሽ ገዳም አለች። መነኮሳቱ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የማስረዳው እኔ ነበርሁ። እንዴት እንደማስረዳ አትጠይቁኝ። ከበሮው ትናንት ሦስት መቶ ዓመቱ ከነበረ፣ ዛሬ የመጡት ፈረንጆች አፋቸውን ከፍተው ካዳመጡኝ ስድስት መቶ አስገባዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተሳለውን ፈረሰኛ ማን ነው ሲሉኝ፣ ትዝ ካላለኝ የባለጀልባውን የጋሽ አዘዘን ስም እሰጠዋለሁ። ጋሽ አዘዘ በስሙ የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ ስንት አገር እንደሄደ አያውቅም።

አንድ ቀን ታዲያ ከፈረንጆቹ ጋር የመጣ አንድ ሐበሻ ሰምቶኝ ኖሮ ለአባ ገብረ ኪዳን ነገራቸው። አባ ገብረ ኪዳን የገዳሙ የትርጓሜ መምህር ናቸው፣ መጽሐፉን ለደቀ መዛሙርት የሚፈቱ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንዴ አዩኝና ሄዱ። በሳምንቱ ከተማሪዎቻቸው አንዱን፣ ቃለ ሕይወት የሚባለውን ዲያቆን፣ እንግሊዝኛ ተማር ብለው ወደ ከተማ ላኩት።

ያን ሰሞን ለአስጎብኚዎች የሚሰጥ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ያለፈ ባጅ ይሰጠዋል፣ ባጅ የሌለው ደግሞ ከእንግዲህ የትም አያስጎበኝም ተባለ። አባ ለቃለ ሕይወት የነገሩት አጭር ነው። ባጁን ይዞ ከመጣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የእሱ ነው፣ መጻሕፍቱን እየገለጠ ለእንግዳ የሚያስረዳው እሱ ይሆናል። ከወደቀ ግን ወደ ጉባኤው ይመለሳል፣ ገዳሙም ባጅ ያለው ሌላ ሰው ከከተማ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ ብዬ እኔም ተመዘገብሁ። ስለዚህ እሱ ቢወድቅ የሚጠቅመው እኔን ነው። ይህን ከልቤ አውቀው ነበር።

የምንማረው ሐይቁ ዳር ባለች ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አስተማሪያችን ወንጌላዊት ትባላለች፣ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ታስተምራለች። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ከጀልባ ሞተር በላይ ይሰማል። እኛ ቲቸር እንላታለን። ቃለ ሕይወት የመጀመሪያ ቀን ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣና «የኔታ» አላት። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እሷ አልሣቀችም፣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ልጁ ግን ጉድ ነው። ቃል ሲሰጡት አይጽፍም፣ በዜማ ያወርደዋል። ከትምህርት በኋላ ደንገሉ ዳር ለዳር እየሄደ «ቡክ መጽሐፍ፣ ዋተር ውኃ፣ ኪይ ቁልፍ» እያለ ያዜማል። ዓሣ አጥማጆቹ ጸሎት መስሏቸው ባርኔጣቸውን ያነሡ ነበር። ወር ሳይሞላው የቲቸርን የቃላት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ዋጠው። እኔ ያችኑ ሂፖ ኖ ፕሮብሌሜን ይዤ እየቀረሁ መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ቲቸር ሰሌዳው ላይ «ጎ» ብላ ጻፈች። ሄደ፣ አልን። አጠገቡ «ኦፍ» ብላ ጨመረች። ሁለቱ ሲጋቡ መሄድ የሚባለው ነገር ይጠፋል፣ አዲስ ቤት ይሠራሉ አለችን። ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። ደግሞ አንዱ ጥንድ ብቻውን ብዙ ትርጉም አለው፣ እንደ ዐረፍተ ነገሩ ይለዋወጣል። መብራቱ ጎ ኦፍ ካደረገ ጠፋ ማለት ነው። የሰዓቱ ደወል ጎ ኦፍ ካደረገ ጮኸ ማለት ነው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ሲያቆም፣ ሌላው ሲጀምር፣ ቃሉ ያው። ያችን ከሦስት ፊደል የማትበልጥ ኦፍን እያየሁ እነዚህ ፈረንጆች እንዴት ሳይጣሉ ይኖራሉ አልሁ። ቃለ ሕይወት ግን ፊቱ በርቷል። አገሩን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

ወረቀት ታደለን። ከላይ ሳጥን ውስጥ ግሦቹ ከነትርጉማቸው ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ትርጉም ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብሏል። ከሥር ዐረፍተ ነገሮቹ አሉ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ባዶ ቦታ። ለባዶው ቦታ የሚስማማውን ፊደል መርጠህ ትጽፋለህ። እኔ ለመድከም ምክንያት አልታየኝም፣ ለሁሉም ኤ ሰጠሁና መስኮት መስኮቱን አየሁ። ቃለ ሕይወት እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጻፈ። ባዶው ቦታ አልበቃው ብሎ ወደ ኅዳጉ ወጣ፣ ከኅዳጉ ወደ ጀርባው ዞረ።

ወረቀቱ ሲመለስ የእኔ ላይ ትንሽ ትንሽ ራይት አለ። ቲቸር የእኔን አንዱን ለክፍሉ አነበበችው። ቴክ ኦፍ ለሚለው ኤ ማለት አወለቀ ነው። በእኔ መልስ አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በረረ በማለት ፈንታ ባሕር ዳር ላይ ልብሱን አወለቀ። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፣ እኔም ሣቅሁ፣ ምን ይደረጋል።

የቃለ ሕይወት ላይ ግን አንድም ራይት የለም። ከላይ እስከ ታች ቀይ። በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ የጻፈው «ኤ፣ አንድም ቢ፣ አንድም ሲ፣ አንድም ዲ» ነው። የገዳም ትምህርት እንዲያ ነው አሉ። አንድ ጥቅስ ሲፈታ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እየተባለ ያለው ትርጉም ሁሉ ይቆጠራል፣ አንዱን ብቻ ይዞ የሚቀር ተማሪ ሰነፍ ነው።

ቲቸር ለአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ፊደል ብቻ ነው አለችው። ሁለት የጻፈ ዜሮ ነው፣ ፈተናውም እንዲሁ ነው የሚታረመው።

እሱ ተነሥቶ ቆመ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «የኔታ፣ ቃሉ አራት ትርጉም አለው ያሉን እርስዎ ነዎት። አንዱን መርጬ ሦስቱን ልግደላቸው?»

ያን ቀን የሣቀ የለም። እሷም፣ ዐረፍተ ነገሩን አንብብ፣ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይመርጥልሃል አለችው። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ጋቢው ውስጥ ከተተና ወጣ።

በሚቀጥለው ትምህርት አልመጣም። በሚቀጥለውም። ፈተናው ዓርብ ነው፣ እሱ በደንገል ታንኳ ተሳፍሮ ወደ ደሴቱ ተመልሷል። እኔ ባጁ አንገቴ ላይ እንዴት እንደሚያምርብኝ በጀልባው መስታወት እያየሁ ሳለ ቲቸር ወደቡ ላይ መጣች። ወደ ደሴቱ ውሰደኝ አለች። ሴት ከጀልባ መውረጃው አታልፍም አልኋት። አውቃለሁ፣ እስከሚፈቀድልኝ ድረስ ውሰደኝ አለች። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ጫማዋ ወደብ ላይ በጭቃ ተበላሽቶ ነበር፣ ልብም አላለችው።

ደሴቱ ስንደርስ እሷን መውረጃው ጋ ካለው ዋርካ ሥር አስቀምጬ ወደ ላይ ወጣሁ። ቃለ ሕይወት ከጉባኤው መካከል ተቀምጧል። ቲቸር ታች ናት ስለው ደነገጠ። አባ ገብረ ኪዳን ሰምተው መቋሚያዬን አንሡልኝ አሉ። እንግዳዋ መውጣት ካልቻለች ጉባኤው ይወርዳል አሉና፣ እኒያ ሽማግሌ በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት ወረዱ። ተማሪዎቹ ሁሉ ተከተሏቸው። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ጉማሬ ጀልባ ሲገለብጥ አይቻለሁ፣ ጉባኤ ሴት ዘንድ ሲወርድ ግን አይቼ አላውቅም።

ቲቸር ብድግ ብላ እጅ ነሣች። አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያ ቀይ የሞላበት ወረቀት ይምጣ አሉ። ቃለ ሕይወት ከጋቢው አወጣው። አገላብጠው አዩት፣ ፊደሉን አያውቁትም።

«ይህ ሁሉ ስሕተት ነው?» አሉ።

«ሁሉም፣ አባ» አለች።

አባም፣ ተማሪ ያነባል፣ መምህር ይፈታል፣ የእኛ ልማድ ይህ ነው አሉ። ዛሬ ግን አንቺ አንብቢ፣ እሱ ይፍታ። ቲቸር አንዱን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነበበች። ቃለ ሕይወት ዓይኑን ጨፍኖ ጎ ኦፍን ፈታው፤ አንድም ፈነዳ፣ አንድም ጮኸ፣ አንድም ተበላሸ፣ አንድም ጠፋ። ሁሉም ትክክል ነው፣ ቲቸርም ራሷን ነቀነቀች።

«ከግሡ ጋር የቆመው ማን ነው?» አሉ አባ።

«ወተት፣ የኔታ።»

«ወተት ይፈነዳል?»

ቃለ ሕይወት ዓይኑን ይበልጥ ጨፈነ።

«ወተት ይጮኻል?»

ሲፈላ ይጮኻል አልሁ እኔ ከኋላ። አባ ዘወር ብለው ሲያዩኝ ከበሮው ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

አባ ወደ ተማሪያቸው ተመለሱ። «ከእኔ የወሰድኸው አንድምን ብቻ ነው? ቢሉን የት ጣልኸው?»

ቃለ ሕይወት ዓይኑን ገለጠ። እኔ አልገባኝም ነበር፣ አጠገቤ ያለው ተማሪ በሹክሹክታ ነገረኝ። ጉባኤ ቤት ውስጥ አንዱ መጽሐፍ አንድ ቃል፣ ሌላው መጽሐፍ ሌላ ቃል ይዞ ሲገኝ፣ እንዲህ ቢሉ ትርጉሙ ይህ ነው፣ እንዲያ ቢሉ ያ ነው ይባላል። ቃሉ ሲለወጥ ትርጉሙ ከቃሉ ጋር ይታሰራል። አንድም ይሰበስባል፣ ቢሉ ያስራል።

ቃለ ሕይወት ግን ገና ልቡ አልሞላም። የቀሩትስ፣ የኔታ፣ አለ፣ ገደልኋቸው ማለት ነው?

«አልሞቱም። ተራቸውን ይጠብቃሉ» አሉ አባ።

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ልጁ ተነሣ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ፣ ያዜም ጀመር። «ወተት ቢሉ ተበላሸ ነው። ደወል ቢሉ ጮኸ ነው። መብራት ቢሉ ጠፋ ነው። ፈንጂ ቢሉ ፈነዳ ነው።» ተማሪዎቹ ልማድ ሆኖባቸው ከኋላው ይቀበላሉ። የጣና ውኃ ድንጋዩን ይልሳል። እንግሊዝኛ የሚባለው ነገር፣ እኔ ሻንጣ የተሸከምሁበት፣ በግዕዝ ቤት ዜማ ወጣ።

ቲቸር ወረቀቷን ገለበጠች። ቴክ ኦፍን ሰጠችው። አውሮፕላን ቢሉ ተነሥቶ በረረ ነው አለ። ጫማ ቢሉ አወለቀ ነው አለ። እዚህ ላይ አባ አቋረጡት፣ ይኸኛው ተሳቢ አለው፣ ያኛው የለውም አይደል ብለው ጠየቁ። ቲቸር አዎ፣ እሱ ነው ምልክቱ፣ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ አውሮፕላኑ ግን ምንንም አያወልቅም፣ ራሱ ይነሣል አለች። አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማያውቁ ሽማግሌና አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተሳቢ ተሳቢ ሲባባሉ እንደ ድሮ ጎረቤት ነበሩ። ሰኞን ቢሉ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ ነው አለ ቃለ ሕይወት። ደግሞ አየህ፣ ሰኞ ሁለቱ ቃላት መሐል ገብቶ ተቀምጧል፣ ቴክ እዚህ፣ ኦፍ እዚያ ብላ ቲቸር ጨመረችለት። ግብዣን ቢሉ፣ ሥራ ቢሉ፣ ቱርን ዳውን እምቢ አለ ነው። ሬዲዮ ቢሉ ድምፁን ቀነሰ ነው። ድንኳን ቢሉ፣ ፑት አፕ ተከለ ነው። እንግዳ ቢሉ አሳደረ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ተሰናከለ። ፒክ አፕ ላይ፣ እንግዳን ቢሉ ከወደብ ሄዶ ተቀበለ፣ ቋንቋን ቢሉ ሳይማር በጆሮው ለቀመ ብሎ ጥሩ ሄደና፣ ነፋስ የሚለው ላይ ቆመ። ነፋስ ማንንም አይቀበልም፣ ምንም አይለቅምም። ያን ጊዜ ከሐይቁ ላይ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዬ ድንጋዩን ይመታ ጀምሯል። ቲቸር፣ እንሂድ፣ ሞገዱ ሳይበረታ አልሁ እኔ። ቃለ ሕይወት ዞሮ ውኃውን አየ፣ ደንገሉ በነፋሱ ተኝቷል።

«ነፋስ ቢሉ፣ በረታ ነው» አለ።

ቲቸር ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከነፋሱ ነው ብላ ጠረገችው። ወደ ከተማ ሦስታችንም አብረን ተመለስን። ሞገዱ ጎንና ጎናችንን ሲመታን እሱ በከንፈሩ ያዜማል፣ እሷ ታዳምጣለች፣ እኔ መሪውን ይዤ የእኔ ባጅ ውኃ ገባ እላለሁ በልቤ። ደግሞ የሚገርመው፣ አላዘንሁም።

ዓርብ ፈተናው መጣ። አዲስ ወረቀት ነው፣ አዲስ ዐረፍተ ነገሮች። ከእሱ ኋላ ነበር የተቀመጥሁት። እንደ በፊቱ አልጻፈም። አንድ ዐረፍተ ነገር ያነብባል፣ ጣቱን ግሡ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ጣቱ ወደ ጎረቤቱ ቃል ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ፊደል ብቻ ይጽፋል። አንድ ቦታ ብዕሩን አንሥቶ ብዙ ቆየ፣ ሁለተኛ ፊደል ሊጨምር እጁ ሄደ።  የእሱ መውደቅ የሚጠቅመኝ እኔ፣ ከኋላው ሆኜ አትጨምር እያልሁ እለምን ነበር። እጁን መለሰው። እኔ በበኩሌ ጎረቤት እያየሁ መምረጥ ሞከርሁ። የግሥ ጎረቤት ማለቴ ነው። ጥቂት ቦታ ደግሞ የወንበር ጎረቤት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ቃለ ሕይወት አልፏል። እኔ ወድቄአለሁ፣ ግን አውሮፕላኑን ልብሱን አልብሼዋለሁ። ቲቸር ባጁን በእጇ ሰጠችው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ተቀበለና «የኔታ» አላት። አሁን ማንም አልሣቀም።

በበነጋው እንደገና ሦስታችን ደሴቱ ሄድን። ከእኛ ጋር ጥቂት ፈረንጆች ተሳፍረው ነበር፣ ከእነሱም ሁለቱ ሴቶች ናቸው። አባ ገብረ ኪዳን መውረጃው ላይ ጠብቀውን ባጁን አዩት፣ ፎቶው ላይ ቃለ ሕይወትን አዩ። ከቀበቷቸው ቁልፉን ፈተው ሰጡት። ወንዶቹን ይዞ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ብቻውን ወደ ላይ ሄደ፤ ሲመለስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል፣ ሁለት መነኮሳት ግራና ቀኙን ይዘውታል። ሴቶቹ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው ነው መጽሐፉን ያወረደው። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ሴቶቹን እዚህ ዋርካ ሥር ትቼ እወጣ ነበር፣ መጽሐፍ እግር እንዳለው አላውቅም ነበር።

ጨርቁን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ። ብራናውን ገለጠ። ቀዩና ሰማያዊው ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል፣ መልአኩ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ሐይቁ ያያል። ቃለ ሕይወት በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጧፍ እያበራ። የፍየል ቆዳው እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ጸሐፊው ስሙን የት እንደደበቀው። ዕድሜውን ሲጠይቁት በእርግጠኝነት አናውቅም አላቸው። አናውቅም ሲል ፈረንጆቹ የእኔን ስድስት መቶ ዓመት ከሰሙት ሁሉ ይበልጥ ጠጋ ብለው አዳመጡ።

ቲቸር ተንበርክካ መልአኩን ታያለች። በዚህ ሐይቅ ዳር ስትኖር፣ ይህ መጽሐፍ እዚህ እንዳለ ስትሰማ ኖራ፣ ገጹን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር የለም፣ ሰሌዳ የለም። ተማሪዋ ያስረዳል፣ እሷ ትማራለች።

እኔ ሁሉን ነገር ረስቼ ቆሜ ነበር። አንዱ ፈረንጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወደ ኋላ ሲያሳየኝ ነው ዘወር ያልሁት። ገመዱን ሳላስረው ቀርቼ፣ የጋሽ አዘዘ ጀልባ ብቻዋን ወደ መሐል ጣና እየሄደች ነበር። ጫማዬን አውልቄ ውኃው ውስጥ ዘለልሁ፤ እየዋኘሁም ጆሮዬ ከኋላ ነበር።